ዋት፣ ኪሎዋት፣ የፈረስ ጉልበትና ቢቲዩ፦ ለኮምቦልቻ ሱቅ ኤሲ፣ ፓምፕና ጄኔሬተር ሲመረጥ

ኮምቦልቻ ላይ መድኃኒት ቤት ለመክፈት የተነሣች አንዲት ባለሙያ ሦስት ዕቃዎችን መግዛት ይኖርባታል እንበል። ክፍሉን የሚያቀዘቅዘው ኤሲ ዐቅሙ የተጻፈው በቢቲዩ ነው፤ ውኃ ወደ ጣሪያው ሮቶ የሚገፋው ፓምፕ በፈረስ ጉልበት ይሸጣል፤ መብራት ሲጠፋ የሚነሣው ጄኔሬተር ደግሞ በአንዱ ሱቅ በፈረስ ጉልበት፣ በሌላው በኪሎዋት ይጠራል። የቤቷ ቆጣሪ ግን የሚያውቀው ኪሎዋትን ብቻ ነው። ሦስቱን ዕቃዎች ወደ አንድ መለኪያ አምጥታና አንድ ላይ አስልታ ካልገዛች ወይ ለማያስፈልጋት ዐቅም ትከፍላለች፣ ወይ ጄኔሬተሩ ኤሲውን ማስነሣት አቅቶት ይጠፋባታል።

መለወጡ ራሱ ከባድ አይደለም። ከዚህ በታች ያሉት አራት መስመሮች ለዕለት ተዕለት ዕቃ ሁሉ ይበቃሉ።

```
1 kW = 1000 W
1 HP = 746 W
1 kW = 3412 BTU/h
1 HP = 2545 BTU/h
```

በሦስተኛውና በአራተኛው መስመር ላይ ያለችው «በሰዓት» የምትል ምልክት በኤሲ ካርቶን ላይ ብዙ ጊዜ ትዘለላለች። ቢቲዩ ብቻውን የሙቀት ብዛት ነው፤ አንድ ቢቲዩ 1,055 ጁል ያህል ነው። ስለ ኤሲ ዐቅም ሲነገር ግን ሁልጊዜ ኤሲው በአንድ ሰዓት ውስጥ ከክፍሉ የሚያወጣው ሙቀት ማለት ስለሆነ፣ «12,000 ቢቲዩ» የሚለውን «በሰዓት 12,000 ቢቲዩ» ብሎ ማንበብ ይገባል። የፈረስ ጉልበትም በሁለት ዓይነት ይሰፈራል፤ የእንግሊዙ 746 ዋት፣ የሜትሪኩ 735.5 ዋት ነው። ልዩነቱ ከመቶ አንድ ተኩል እንኳን ስለማይሞላ ለቤትና ለሱቅ ዕቃ ልብ ሊባል አያስፈልገውም።

ሒሳቡን በትክክል ሠርቶ የተሳሳተ ዕቃ መግዛት ግን ይቻላል። ምክንያቱም በአንዱ ዕቃ ላይ የተጻፈው ቁጥር ዕቃው ከመስመሩ የሚበላውን ኤሌክትሪክ ሲናገር፣ በሌላው ላይ የተጻፈው ዕቃው የሚሰጠውን ሥራ ወይም ሙቀት ይናገራል። ስለዚህ ማንኛውንም ቁጥር ከመለወጥ በፊት «ይህ የሚበላው ነው ወይስ የሚሰጠው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ኤሲው፣ ፓምፑና ጄኔሬተሩ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ ሦስት ዓይነት ነው።

ኤሲው፦ 9,000 ወይስ 12,000 ቢቲዩ?

ሻጩ «እህቴ፣ ይኼ አንድ ተኩል ሆርስ ፓወር ነው፤ ለዚህች ክፍል ይበቃሻል» ይላታል። ካርቶኑ ላይ 12,000 ቢቲዩ ተጽፏል። ከጎኑ ባለው የብረት ሰሌዳ ላይ ደግሞ የማቀዝቀዝ ዐቅሙ 3.5 ኪሎዋት፣ የሚበላው ኃይል 1,100 ዋት እንደሆነ ይነበባል። ሦስት የተለያዩ ዕቃዎች የሚመስሉት እነዚህ ቁጥሮች የአንድ ዕቃ ናቸው።

ቢቲዩውን ወደ ኪሎዋት ስንለውጥ 12,000 ለ3,412 ሲካፈል 3.5 ኪሎዋት ይሆናል። ይህ ኤሲው ከክፍሉ አንሥቶ ወደ ውጭ የሚያወጣው ሙቀት ነው። ኤሲ ሙቀትን ከቦታ ወደ ቦታ ያጓጉዛል እንጂ ቅዝቃዜን ከኤሌክትሪክ ስለማይሠራ፣ ለአንድ ኪሎዋት ኤሌክትሪክ ሦስት ኪሎዋት ያህል ሙቀት ማውጣት ይችላል። ስለዚህ 3.5 ኪሎዋት የሚለውን አይቶ «ይህማ ከእንጀራ ምጣድ እኩል ይበላል» ብሎ መደንገጥ ስሕተት ነው። ለቆጣሪው፣ ለብሬከሩና ለጄኔሬተሩ ስሌት የሚገባው ቁጥር 1,100 ዋቱ ነው።

አንድ ተኩል የፈረስ ጉልበቱስ? እንደ እውነተኛ መለኪያ ተወስዶ ቢለወጥ 3,800 ቢቲዩ ያህል ብቻ ይሰጣል፤ ተገልብጦ 12,000 ቢቲዩ ወደ ፈረስ ጉልበት ቢለወጥ ደግሞ 4.7 ይሆናል። ሁለቱም ሻጩ ከሚለው ጋር አይገናኙም። በኤሲ ንግድ የፈረስ ጉልበት የዕቃ መጠን መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል፤ መነሻውም የኮምፕረሰሩ ጉልበት ነው። 9,000 ቢቲዩ የሆነውን አንድ፣ 12,000 የሆነውን አንድ ተኩል፣ 18,000 የሆነውን ሁለት ይሉታል። አንዱ 9,000 ከሆነ አንድ ተኩሉ 13,500 ሊሆን በተገባው ነበር፤ አለመሆኑ መጠሪያ እንጂ መለኪያ እንዳልሆነ ያሳያል። ኤሲን ከኤሲ ስታወዳድሩ የፈረስ ጉልበቱን ትታችሁ ቢቲዩውንና የሚበላውን ዋት ብቻ አስተያዩ። ቢቲዩው ለዋቱ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ዕቃው ይቆጥባል፤ በእኛ ምሳሌ 12,000 ለ1,100 ሲካፈል 11 ገደማ ነው፤ ስምንት ወይም ዘጠኝ የሚወጣለትን ግን መተው ይሻላል።

አሁን ለክፍሉ የቱ ይበቃል? መድኃኒት ቤቱ አራት ሜትር በአምስት ሜትር፣ ማለትም 20 ካሬ ሜትር ነው። ብዙ መድኃኒቶች ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች እንዲቀመጡ በማሸጊያቸው ላይ ታዝዟል፤ የኮምቦልቻ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በግንቦትና በሰኔ ይህን ያልፋል፣ በተለይም ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ። ለእንዲህ ያለ ክፍል በካሬ ሜትር 150 ዋት የማቀዝቀዝ ዐቅም መያዝ ተገቢ ግምት ነው። 20 በ150 ሲባዛ 3,000 ዋት ይሆናል፤ በቢቲዩ 10,200 ያህል ማለት ነው። 9,000ው ይጎድላል፣ 12,000ው ይተርፋል። ኮርኒስ የተሠራለትና በሩ የሚዘጋ ክፍል ቢሆን 120 ዋት ይበቃው ስለነበር 9,000ውን እመርጥ ነበር። በሩ ቀኑን ሙሉ ወደ አስፋልቱ ለተከፈተ፣ መድኃኒት ማቀዝቀዣ ፍሪጁም ሙቀቱን እዚያው ለሚያፈስስበት ክፍል ግን 12,000ው ትክክለኛው ምርጫ ነው።

ከዚህ ሌላ ተራውን ኤሲ የኮምፕረሰሩን ዙር እንደ አስፈላጊነቱ እያፈጠነና እየቀነሰ ከሚሠራው ኢንቨርተር ኤሲ መለየት ይቀራል። ሁለቱም 12,000 ቢቲዩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ኢንቨርተሩ በሙሉ ዐቅሙ ሲሠራ 1,000 ዋት ያህል ስለሚበላ ልዩነቱ በሰሌዳው ላይ ትንሽ ይመስላል። ትልቁ ልዩነት በአነሣሡ ላይ ስለሆነ ወደ ጄኔሬተሩ ስንደርስ እንመለስበታለን።

ለደሴ ሰው ጥያቄው ይገለበጣል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የሚፈለገው ማሞቂያ ነው። 2,000 ዋት የተጻፈበት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ 2,000 ዋት ይበላል፣ 2,000 ዋት ሙቀትም ይሰጣል፤ በቢቲዩ 6,800 ያህል ነው። የሚበላውና የሚሰጠው እኩል የሆነበት ይህ ዓይነቱ ዕቃ ብቻ ነው፤ ምጣድ፣ ምድጃና የውኃ ማሞቂያም እንደዚሁ ናቸው። ማሞቅም የሚችል 12,000 ቢቲዩ ኤሲ ግን ከ1,200 ዋት ባልበለጠ ኤሌክትሪክ 3.5 ኪሎዋት ሙቀት ይሰጣል። ሌሊቱን ሙሉ ክፍል ለሚያሞቅ ሰው ኤሲው ሲገዛ ቢወደድም በቆጣሪው ላይ ያለው ልዩነት ሰፊ ነው፤ ጧት ጧት ለአንድ ሰዓት ብቻ ለሚያሞቅ ሰው ግን ተራው ማሞቂያ ይበቃል። የማሞቂያና የምጣድ ዋት የሚጸናው መስመሩ 220 ቮልት ሲሰጥ እንደሆነም መታወስ አለበት። ቮልቴጁ ወደ 180 ሲወርድ 3.5 ኪሎዋት የተባለው ምጣድ 2.3 ኪሎዋት ያህል ብቻ ይሰጣል፤ ማምሻውን ምጣዱ አልግል የሚለውም ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ፓምፑ፦ ግማሽ ወይስ አንድ የፈረስ ጉልበት?

በፓምፕና በሌሎች ሞተሮች ላይ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት ሞተሩ በዘንጉ ላይ የሚሰጠው ሥራ ነው። ሞተሩ ከሚበላው ኤሌክትሪክ የተወሰነው ወደ ሙቀት ስለሚቀየር የሚበላው ሁልጊዜ ከተጻፈው ይበልጣል፤ ከኤሲው ተቃራኒ ነው ማለት ነው። አንድ የፈረስ ጉልበት ያለው አነስተኛ ፓምፕ በዘንጉ ላይ 746 ዋት ይሰጣል፤ ፋብሪካዎች ይህንኑ 0.75 ኪሎዋት ብለው ይጽፉታል። ከመስመሩ የሚስበው ግን 1,050 ዋት ገደማ ነው። ግማሽ የፈረስ ጉልበቱ 0.37 ኪሎዋት ተብሎ ይጻፋል፣ 550 ዋት ገደማ ይበላል። አንዳንድ ፓምፖች ላይ ሁለቱም ቁጥሮች ይገኛሉ፤ ፒ1 የተባለው የሚበላው፣ ፒ2 የተባለው በዘንጉ ላይ የሚሰጠው ነው። ፒ1 ከሌለ አምፔሩን በ220 ማባዛት ከፍ ያለ ግምት ይሰጣል፤ ለጄኔሬተር ምርጫ ከፍ ያለው ግምት አይጎዳም።

መድኃኒት ቤቱ ያለበት ሕንፃ ሮቶው ከመሬት 12 ሜትር ከፍ ብሎ ተቀምጧል እንበል፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥም 1,000 ሊትር ይፈለጋል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን፣ 1,000 ኪሎ 12 ሜትር ለማንሣት 118,000 ጁል ያህል ያስፈልጋል፤ ይህ በ1,800 ሴኮንድ ሲካፈል 65 ዋት ነው። ቁጥሩ ትንሽ መሆኑ ሊያስገርም ይችላል፤ የአነስተኛ ፓምፕ ክንፍ ግን ከተቀበለው ሥራ ሲሶውን ያህል ብቻ ወደ ውኃው ስለሚያደርስ፣ በዘንጉ ላይ 200 ዋት እንያዝ። በቱቦው ውስጥ ለሚባክነውም ጨምረንለት ከ0.37 ኪሎዋት አይበልጥም። ግማሽ የፈረስ ጉልበቱ ይበቃል ማለት ነው።

አንድ ጥንቃቄ ብቻ ይጨመርበት። ጉልበቱ በቂ የሆነ ፓምፕ ወደ 12 ሜትር ላያወጣ ይችላል፤ ከፍታን የሚወስነው የክንፉ አሠራር ስለሆነ በሰሌዳው ላይ ከፍተኛው የመግፋት ከፍታ ቢያንስ 20 ሜትር መሆኑን አይቶ መግዛት ይገባል። ሻጩ ከፍታውን ሳያይ «ለጥንቃቄ አንዱን ውሰጂ» ቢላት፣ ጥንቃቄው የሚከፈለው በጄኔሬተሩ መጠን ነው።

ጄኔሬተሩ፦ 2.5፣ 3.5 ወይስ 5 ኪሎዋት?

ሁሉም ቁጥር የሚገናኘው እዚህ ላይ ስለሆነ ስሕተቱም የሚበዛው እዚህ ነው። ባለቤንዚን አነስተኛ ጄኔሬተር ሁለት ዕቃዎች በአንድ አካል ናቸው፤ ቤንዚን የሚያቃጥለው ሞተር አለ፣ ከሞተሩ ዙሩን ተቀብሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ክፍል አለ። በትልቁ የሚጻፈው «6.5 ሆርስ ፓወር» የሞተሩ ነው። በ746 ብናባዛው 4.85 ኪሎዋት ይሆናል፤ ብዙ ገዢዎችም ይህን ያህል ኤሌክትሪክ ያገኙ ይመስላቸዋል። የዚሁ ጄኔሬተር የኤሌክትሪክ ዐቅም ግን 2.5 ኪሎዋት ያህል ነው።

ግማሹ የት ሄደ? ሞተሩ 6.5 የሚሰጠው በደቂቃ 3,600 ዙር ሲሽከረከር ነው፤ አገራችን የምትጠቀምበትን 50 ኸርዝ ለማውጣት ግን እንዲህ ያለው ጄኔሬተር በ3,000 ዙር መሥራት አለበት፤ ዙሩ ሲቀንስ ጉልበቱም ይቀንሳል። ኤሌክትሪክ አመንጪው ክፍል ከተቀበለው አምስተኛውን ያህል በሙቀት ያባክናል። በዚያ ላይ ሞተሩ ለሰዓታት ሲሠራ እንዳይቃጠል አምራቹ የተወሰነ ዐቅም ያስቀርለታል። ስለዚህ በአነስተኛ ባለቤንዚን ጄኔሬተር ላይ የሞተሩን የፈረስ ጉልበት ለ2.6 ማካፈል ወደ እውነተኛው ኪሎዋት ያቀርባል፤ 6.5ቱ ወደ 2.5፣ 13ቱ ወደ 5 ይወርዳል። ካርቶኑ ላይ ሁለት የተለያዩ የኪሎዋት ቁጥሮች ተጽፈው ከተገኙም «ማክሲመም» የተባለው ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚችለው ስለሆነ «ሬትድ» የተባለውን መያዝ ነው። በኬቪኤ የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ለጥንቃቄ በ0.8 ይባዛ፤ 5 ኬቪኤ 4 ኪሎዋት ነው።

ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው ለባሕር ጠረፍ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ያህል ላይ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ያህል ላይ ናቸው። አየሩ በሳሳ ቁጥር ሞተሩ በአንድ ዙር የሚስበው ኦክስጅን ስለሚቀንስ የሚያቃጥለው ቤንዚንም ይቀንሳል። ለአነስተኛ ባለቤንዚን ሞተሮች የሚሠራበት ግምት በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ይቀንሳል የሚል ነው። በዚህ መሠረት ኮምቦልቻ ላይ ከ20 በመቶ ጥቂት የበለጠ፣ ደሴ ላይ ወደ 30 በመቶ የሚጠጋ ዐቅም ይጠፋል። 2.5 ኪሎዋት የተባለው ጄኔሬተር ኮምቦልቻ ላይ 1.96፣ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ሲደርስ ደግሞ 1.77 ኪሎዋት ይሆናል። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ኮምቦልቻ ላይ የሠራ ጄኔሬተር ደሴ ላይ ሊያቅተው ይችላል። ከላይ የሰጠሁትን 2.6 የተባለ ቁጥር ለአገራችን ስናስተካክለው ኮምቦልቻ ላይ 3.3፣ ደሴ ላይ 3.7 ይሆናል።

ይህ ግምት ካርቡሬተሩ ለከፍታ የተስተካከለ ሞተርን የሚመለከት ነው። ካልተስተካከለ ሞተሩ ከአየሩ በላይ ቤንዚን ስለሚወስድ ኪሳራው ይጨምራል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ጭነት ሲበዛበት ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ሲወጣ ጥላሸት ለብሶ ይገኛል፣ የቤንዚኑ ሽታም ያይላል። ቤንዚን የምታሳልፈውን የካርቡሬተር ቀዳዳ በጠበበች መለወጥ ሞተሩን ይመልሰዋል፤ ያው ሞተር ወደ ቆላ ከወረደ ግን የቀድሞዋ መመለስ አለባት፤ አለበለዚያ ቤንዚን አንሶት ከመጠን በላይ ይግላል።

አሁን ጭነቱን እንደምር። ኤሲው 1,100፣ ፍሪጁ 150፣ መብራቱና ኮምፒውተሩ 150፣ ግማሽ የፈረስ ጉልበቱ ፓምፕ 550 ዋት ይበላሉ፤ በድምሩ 1,950 ዋት ነው። ባለ 2.5 ኪሎዋቱ ጄኔሬተር ኮምቦልቻ ላይ 1,960 ዋት ስለሚሰጥ በወረቀት ላይ ለጥቂት ይበቃል። በተግባር ግን አይበቃም። አንደኛ፣ ጄኔሬተር ለሰዓታት የሚሠራው ከዐቅሙ 80 በመቶ ገደማ ላይ ሲሆን ነው። ሁለተኛውና ዋናው ምክንያት ሞተር ያለበት ዕቃ ሁሉ ሲነሣ ለአፍታ ከሚበላው አራት፣ አምስት እጥፍ የሚስብ መሆኑ ነው። የተራው ኤሲ ኮምፕረሰር በሥራ ላይ 5 አምፔር ይበላል፤ በሚነሣበት ቅጽበት ግን ወደ 25 አምፔር፣ ማለትም ወደ 5.5 ኬቪኤ ይስባል። በዚያች ቅጽበት የጄኔሬተሩ ድምፅ ይታነቃል፣ አምፖሎቹ ይደበዝዛሉ፣ ኮምፕረሰሩ ያጉረመርምና ሳይነሣ መከላከያው ይቆርጠዋል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ያው ይደገማል። ይህ በተደጋገመ ቁጥር የኮምፕረሰሩ ጥቅልል እየተጎዳ ይሄዳል።

ስለዚህ ምርጫው በሁለት ጥንዶች መካከል ነው። የመጀመሪያው ተራ ኤሲ ከ5 ኪሎዋት ጄኔሬተር ጋር ነው፤ ጄኔሬተሩ ኮምቦልቻ ላይ 3.9 ኪሎዋት ይሰጣል፣ ኤሲው ከሌሎቹ በፊት ብቻውን ከተነሣም አብዛኛውን ጊዜ ይችለዋል። ሁለተኛው ኢንቨርተር ኤሲ ከ3.5 ኪሎዋት ጄኔሬተር ጋር ነው። ኢንቨርተሩ ኮምፕረሰሩን ከዝግታ ጀምሮ ቀስ በቀስ ስለሚያፈጥነው ያ የአምስት እጥፍ ስበት የለበትም፤ ጄኔሬተሩም ኮምቦልቻ ላይ 2.7 ኪሎዋት፣ ለረጅም ሰዓት 2.2 ኪሎዋት ይሰጣል፣ ጭነቱ ደግሞ ፓምፑን ጨምሮ 1,850 ዋት ነው። የፓምፑ አነሣሥ ብቻ ወደ 2.7 ኬቪኤ ስለሚደርስ ፓምፑን መጀመሪያ አስነሥቶ ኤሲውን ማስከተል ያስፈልጋል፤ ሮቶው ሞልቶ ከሆነ ደግሞ መብራቱ እስኪመጣ ፓምፑን መተው ይቻላል።

እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ኢንቨርተር ኤሲ ሲገዛ ይወደዳል፤ ይሁንና የሚያንስ ጄኔሬተር ያስገዛል፣ ጄኔሬተሩም የሚያቃጥለው ቤንዚን ያንሳል፣ መብራት ባለበት ቀንም ክፍሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ዙሩን ቀንሶ ስለሚሠራ ቆጣሪው ቀስ ይላል። የምርጫው ድንበር ግን ይታወቅ፤ የኢንቨርተር ኤሌክትሮኒክስ የሚዋዥቅ ቮልቴጅ ስለማይወድ ጄኔሬተሩ ቮልቴጅ የሚያስተካክል ኤቪአር ያለው መሆን አለበት። ያለ ኤቪአር ለሚሠራ አሮጌ ጄኔሬተር ተራው ኤሲ ይሻላል። ያው መድኃኒት ቤት ደሴ ላይ ቢሆን ኤሲው ለማቀዝቀዝ እምብዛም ስለማያስፈልግ ከኤሲው በቀር የቀረው 850 ዋት ብቻ ነው፤ የ2.5 ኪሎዋቱ ጄኔሬተር 1.77 ኪሎዋት ቢሰጥም ይበቃል። 2,000 ዋቱን ማሞቂያ ግን ሊሰካበት አይገባም።

የተጻፈውን በቆጣሪ ማረጋገጥ

ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው ማለት አይቻልም፤ ርካሽ ዕቃዎች ላይ የተጋነነ ቁጥር ይለጠፋል። የቤቱ ቆጣሪ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በዲጂታል ቆጣሪ ፊት ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ ቀይ መብራት አለች፤ ከአጠገቧም ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበራ የሚናገር ቁጥር ታትሟል፤ ለምሳሌ 1600 ወይም 3200። ሌላውን ዕቃ ሁሉ አጥፍቶ የሚፈተነውን ብቻ ማስነሣት፣ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቆ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ብልጭታዎቹን መቁጠር ነው።

```
kW = (blinks per minute × 60) ÷ (imp/kWh)
```

1600 በተጻፈበት ቆጣሪ ላይ በአንድ ደቂቃ 30 ብልጭታ ከተቆጠረ፣ 30 በ60 ተባዝቶ ለ1600 ሲካፈል 1.125 ኪሎዋት ይሆናል፤ 1,100 ዋት የተባለው ኤሲ ቃሉን ጠብቋል ማለት ነው። ፓምፑ ግማሽ የፈረስ ጉልበት ተብሎ ሲፈተን 15 ብልጭታ ገደማ ይጠበቃል። 28 ወይም 30 ከተቆጠረ ወይ ሰሌዳው የሌላ ፓምፕ ነው፣ ወይ ዘንጉ ታስሯል፤ እጅ ሲነካው ወዲያው የሚግል ከሆነ ሁለተኛው ይመስላል። በጣም ጥቂት ከተቆጠረ ደግሞ ፓምፑ ውኃ ሳይዝ በባዶ እየዞረ ይሆናል።

ኤሲው ከተጻፈው እጅግ በላይ ሲበላ መጀመሪያ የሚታየው የውጪው አካል ነው፤ የኮምቦልቻ አቧራ ክንፎቹን ከደፈነ ሙቀቱን ማስወጣት ስለሚያቅተው ኮምፕረሰሩ ይጨነቃል። ታጥቦም ካልተሻለ ጋዙ ከልክ በላይ ተሞልቶ ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ግፊቱን ይለካው። ኢንቨርተር ኤሲ ሲፈተን ግን የሙቀት ልኩ ወደ ዝቅተኛው ዲግሪ ይውረድ፣ ቆጠራውም ክፍሉ ገና ሞቃት ሳለ ይጀመር፤ ክፍሉ ከቀዘቀዘ በኋላ 400 ዋት ቢያሳይ ዙሩን ቀንሶ እየሠራ ነው ማለት ነው፤ ለጄኔሬተር ስሌት የሚያዘው ግን ያ ዝቅተኛ ቁጥር ሳይሆን ገና ሲነሣ የተቆጠረው ከፍተኛው ነው።